ሲቀላ ተቀምጦ አዲስ አበባ የቆመን መኪና መጫረት

የሐራጅ ማስታወቂያው በስልኩ ላይ በፎቶ ነው የደረሰው። ሰውየው ሙዝ ነጋዴ ነው። ከላንቴና ከጫኖ እየሰበሰበ በሰው አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፤ በየጭነቱ የሚከፍለው ኪራይ ያንገበግበዋል። አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ስልኩን ለባለጋራዡ ዘረጋለት።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ኤንፒአር ናት። መነሻዋ ከገበያው በጣም ይወርዳል።»

ባለጋራዡ እጁን በቡትቶ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለና ከላይ እስከ ታች አነበበው። «የት ነው የቆመችው?»

«አዲስ አበባ፣ ባንኩ ግቢ።»

«ሄደህ ታያታለህ?»

«ጨረታው ሳምንት ነው፤ ሙዝ ደግሞ አይጠብቅም። ሲፒኦውን አሠርቼ በውክልና ልጫረት ብዬ ነው።»

ባለጋራዡ ስልኩን መለሰለት። «ታዲያ እኔ ምኑን ልንገርህ? እዚህ ላይ የተጻፈው ማን እንደሆነች ነው። እንዴት እንደሆነች የሚናገር መስመር የለውም።»

እውነቱን ነው። የአገራችን ባንኮች የሚያወጡትን የሐራጅ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ሠንጠረዡን በቃሉ ያውቀዋል። የተበዳሪው ስም፣ የመያዣ ሰጪው ስም፣ የተሽከርካሪው ዓይነት፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመን፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሠንጠረዡ በታች ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ማሳሰቢያዎች ይደረደራሉ፤ ከእነሱ አንዱ ንብረቱ የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ መሆኑን ይገልጻል። ሞተሩ ይነሳል? ካምቢዮው ይገባል? ተጋጭቶ ያውቃል? ለእነዚህ ዓምድ አልተሰመረላቸውም።

ይህ የባንኩ ተንኮል አይደለም። ባንክ መኪና ነጋዴ አይደለም፤ የሚፈልገው ያበደረውን ገንዘብ ነው። ሥልጣኑንም ያገኘው ከአዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንኩ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ሸጦ ስሙን ለገዢው ማስተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ መኪናውን ነድቶት አያውቅም፤ ዘይቱን መቼ እንደቀየሩት አያውቅም፤ መኪናው ብዙ ጊዜ ከተበዳሪው ግቢ የሚወጣው ተጎትቶ ነው። የሚያውቀው ተበዳሪው ደግሞ ማስታወቂያው ሲወጣ ደስተኛ ሰው አይደለም፤ ስለ መኪናው ጉድለት ለገዢ የሚያስረዳበት አንዳች ምክንያት የለውም።

ተጫራቹ ታዲያ በመነሻ ዋጋው ላይ ይደገፋል። «ባንኩ አስገምቶት የለ?» ይላል። ግምቱ እርግጥ አለ፤ ግን የተሠራው ለሌላ ጥያቄ ነው። ገማቹ የሚመልሰው «ይህን ያህል ዕድሜ ያለው እንዲህ ዓይነት መኪና ስንት ያወጣል? ባንኩስ ከስንት ቢጀምር ገዢ ያገኛል?» የሚለውን ነው። መነሻው ዝቅ ያለው መኪናው ስለተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ግምቱ ከወራት በፊት ተሠርቶ ገበያው ስለተወው ሊሆንም ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የመኪና ዋጋ እንዴት እንደዘለለ የሚያስታውስ ሰው ይህ ይገባዋል። ሁለቱን የሚለይ ምልክት ማስታወቂያው ውስጥ የለም። አንድ ፍንጭ ግን አለ፦ «ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ» የሚለው መስመር። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ አይተውም በዚያ ዋጋ አልነኩትም ማለት ነው። ወይም ደግሞ ያሸነፈ ሰው ከቀረበ በኋላ ትቶት ሄዷል። ሁለቱም ምክንያታቸው ቢጠየቅ የሚያዋጣ ነው።

የመኪና ሁኔታን በአንድ ቁጥር መግለጽ ሌላ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ የተሟላው ምሳሌ ጃፓን ናት። እዚያ ያገለገለ መኪና ወደ ጨረታ ሲገባ የአጫራቹ ድርጅት መርማሪ ይመለከተውና አንድ ገጽ ወረቀት ይሞላለታል። በወረቀቱ ራስ ላይ ደረጃው ይቀመጣል። 6 እና 5 አዲስ ሊባሉ ጥቂት የቀራቸው ናቸው፤ 4 ተኩልና 4 በደንብ የተያዙ፤ 3 ተኩልና 3 ጭረትና ስርጉዳት ያለባቸው፤ ከዚያ በታች ያሉት በጣም የተጎዱ ወይም የተነካኩ። ተጋጭቶ አጥንቱ የተጠገነ መኪና ቁጥር አይሰጠውም፤ «አር» የሚል ፊደል ይጻፍበታል። የውስጡ ንጽሕና ለብቻው በፊደል ይመዘናል። ከጎን የመኪናው ሥዕል ተዘርግቶ እያንዳንዱ ጉዳት በቦታው ምልክት ይደረግበታል፦ «ኤ» ጭረት ነው፣ «ዩ» ስርጉዳት፣ «ደብሊው» ተስተካክሎ የተቀባ ላሜራ፣ «ኤክስኤክስ» ደግሞ ተነቅሎ የተተካ አካል። ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር መጠኑን ይነግራል፤ ዩ1 አውራ ጣት የሚያህል፣ ዩ3 ከሩቅ የሚታይ።

ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው መኪናውን ሳያይ ይገዛል፤ ጃፓን ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎች በየሳምንቱ እንዲህ ያደርጋሉ። ሆኖም ወረቀቱ የማይናገረው አለ። መርማሪው ለአንድ መኪና ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚነዳውም በግቢው ውስጥ ብቻ ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚስብ፣ ሲሞቅ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ አያይም። ደረጃው በዋነኛነት የአካሉ ደረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተጎዱ መኪኖችን የሚሸጠው ኮፓርት ደግሞ «ይነሳል፣ ይንቀሳቀሳል» የሚል ምልክት ይሰጣል። ትርጉሙ ጠባብ ነው፦ መኪናው ግቢው ሲደርስ ተነሥቶ በራሱ ኃይል ተንቀሳቅሷል ማለት እንጂ መንገድ ላይ ቢወጣ ቤት ያደርሳል ማለት አይደለም።

ለእኛ ገዢ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ምንድን ነው? በአብዛኛው ምንም። መንገዳችን ላይ ከሚሄዱት ትንንሽ መኪኖች ብዙዎቹ፣ በተለይ ቪትዝ፣ ከጃፓን ተነሥተው በዱባይ በኩል የመጡ ናቸው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረውም እዚያው ነው። የደረጃው ወረቀት ከጃፓን ሻጭ ለዱባዩ ነጋዴ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው ይሻገራል፣ ወረቀቱ ይቀራል። «አር» የተባለው መኪና ቀለም ተቀብቶ፣ መሪ ተዛውሮለት፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚታወቀው በሊብሬው ብቻ ነው። ሊብሬ ደግሞ የባለቤትነት መታወቂያ ነው እንጂ ስለ ግጭት ታሪክ አይናገርም። ዓመታዊው ቦሎም ቢሆን የሚያረጋግጠው መኪናው በዚያ ቀን ምርመራውን ማለፉን ነው፤ ባንክ ግቢ ዓመት የቆመ መኪና ደግሞ ቦሎው ያለፈበት ነው።

የገበያውም ሁኔታ ተጫራቹን ይገፋዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። በር ሲጠብ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ይወደዳል፤ የሐራጅ አዳራሽም ይሞላል። በተሞላ አዳራሽ ውስጥ መኪናውን ያላየ ሰው ልዩ አደጋ አለበት። አሥር ሰው ቢጫረት፣ አምስቱ መካኒክ ይዘው ግቢው ድረስ ሄደው ያዩ ቢሆኑ፣ መኪናው ከውጭ እንደሚታየው ካልሆነ አምስቱ ቀድመው ዝም ይላሉ። ዋጋውን እየሰቀሉ የሚቀጥሉት ያላዩት ናቸው። ከእነሱ መካከል ያሸነፈው በጣም ተስፋ ያደረገው ነው። በእኔ ግምት «ሌሎቹም ይህን ያህል ከሰጡ መኪናው ደህና ነው» የሚለው ሐሳብ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ሌሎቹም አንተን እያዩ ሊሆን ይችላልና።

ባለጋራዡ ለነጋዴው የሰጠው ምክር አጭር ነበር፦ አንተ ባትሄድ ዓይንህን ላክ። አዲስ አበባ የሚያውቀው መካኒክ ነበር፤ ስልኩን ሰጠውና «ሲያየው በቪዲዮ ይደውልልኝ፣ እኔ እጠይቀዋለሁ» አለው።

ባንኮች በማስታወቂያው ላይ የመጎብኛ ቀን ያስቀምጣሉ። በዚያ ቀን ብዙውን ጊዜ ሞተር ማስነሣት አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም ባትሪው የሞተ ነው። ስለዚህ የሚላከው ሰው በዓይን፣ በእጅና በስልክ ካሜራ የሚሠራውን ማወቅ አለበት።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ሞተሩ ላይ ያለው ከማስታወቂያውና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ ከሆነ ስም ማዛወር ላይ ለወራት ያስቀምጣል። ቁጥሩ አካባቢ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ብረት ከታየ እዚያው ማቆም ነው።

ከዚያ የሌለውን መፈለግ። የቆመ መኪና ይራቆታል። ባትሪዎቹ፣ ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ የናፍጣው ፖምፓ፣ ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ። ከውጭ ሲታይ የተሟላ የሚመስል አይሱዙ ካቢኑ ሲገለበጥ ባዶ ቅንፍና የተቆረጠ ሽቦ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ ነው በካሜራ መጀመሪያ መነሣት ያለበት ከካቢኑ ሥር ያለው።

ቀጥሎ ዘይቱ። መለኪያው ተመዝዞ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ቴስታታው ወይም ማሸጊያው ሄዷል። የራዲያተሩ ክዳን ሥር የዘይት ቅባት ከተገኘም ነገሩ ያው ነው። ዘይቱ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አያጽናናም፤ ለጉብኝቱ ተብሎ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ውሃ የገባበት ሞተር ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ይያዛል።

ጭነት መኪና ላይ ዋናው ነገር ግን ሻንሲው ነው። ሙዝ፣ አሸዋ ወይም ጤፍ ከልክ በላይ ሲጭን የኖረ አይሱዙ ሻንሲው ከካቢኑ ጀርባና ከኋላ ባሌስትራው መያዣ አጠገብ ይሰነጠቃል። መካኒኩ ከሥር ገብቶ በሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ላይ የብየዳ ጠባሳ፣ ተጨማሪ የተለጠፈ ላሜራ ወይም ሳይሰለፉ የቀሩ ቀዳዳዎች እንዳሉ ያያል። የተለጠፈው ብረት ቀለሙ ከቀረው ከተለየ ጥገናው ቅርብ ነው። በአውቶሞቢል ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ማግኔት ነው፦ ስቱኮ በወፍራሙ በተመረገበት ቦታ ማግኔት አይይዝም። የኮፈኑና የበሮቹ ቡሎኖች ቀለማቸው በመፍቻ ተልጦ ከሆነ አካሉ ወርዶ ተመልሷል።

ጎማው ደግሞ ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። በጎኑ ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ግን ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ በአርባ ምንጭ ሙቀት ሙሉ ጭነት አያምኑበትም።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የራስ ደረጃ ይሆናል። ባለጋራዡ የሚጠቀመው የጃፓንን ያህል የተብራራ አይደለም። ሦስት ብቻ ነው፦ ሞተሩ ሲነሣ ያየነው፣ ሳይነሣ ግን ሙሉ በሙሉ ያየነው፣ ከነጭራሹ ያላየነው። እያንዳንዱ ደረጃ ለማይታወቅ ወጪ የሚቀመጥለት ገንዘብ አለው። ነገሩ የሚገባው በስሌት ነውና ለምሳሌ የወሰድኳቸውን ቁጥሮች እንከተል።

መነሻዋ 2,400,000 ብር የሆነች ኤንፒአር አለች እንበል። ተመሳሳይዋ፣ እየሠራች ያለች፣ በገበያ 3,600,000 ብር ትሸጣለች። ልዩነቱ 1,200,000 ነው፤ ነጋዴውን ያማለለው ይህ ነው። አሁን ከላይ ወደ ታች እንቀንስ። ጎማ፣ ባትሪ፣ ፍሬንና ፖምፓ 450,000። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ አስጎትቶ ማምጣት፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ 70,000። ስም ማዛወር፣ ቦሎና ኢንሹራንስ 80,000። ቀሪው 3,000,000 ነው። መኪናዋን ማንም ካላያት ለማይታወቀው 400,000 መያዝ አለበት፤ የሞተር እድሳት ከዚያ አያንስም። ቀሪ 2,600,000።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ያቆማል፤ «እስከ 2,600,000 እጫረታለሁ» ይላል። ማሳሰቢያውን ያላነበበ ሰው ነው። ብዙ ማስታወቂያዎች አሸናፊው ባሸነፈበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚከፍል ይገልጻሉ። 2,600,000 ለ1.15 ሲካፈል 2,260,870 ብር ገደማ ነው። ያ ደግሞ ከመነሻው በታች ነው። እንግዲህ ይህችን መኪና ሳያዩ መጫረት ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ ኪሳራ ነው፤ ከገበያ 1,200,000 ብር ትረክሳለች የተባለችው መኪና።

አሁን መካኒኩ ሄዶ አየ፤ ዘይቱ ንጹሕ፣ ሻንሲው ያልተበየደ፣ ፖምፓው በቦታው ነው አለ። ለማይታወቀው 150,000 ይበቃል። ቀሪው 2,850,000፣ ለ1.15 ሲካፈል 2,478,000 ብር ገደማ። ከመነሻው በላይ የ78,000 ብር ያህል ቦታ ተገኘ። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰው ዋጋ ቢጠራ ያልቃል። ሲያልቅ እጅ ማውረድ ነው። ቁጥሩን ከቤት በወረቀት ጽፎ መሄድ፣ በወኪል የሚጫረት ደግሞ ለወኪሉ በጽሑፍ መስጠት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ የተሰላ ስሌት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሳሳታል።

መካኒክ የማይደርስበት አንድ አደጋ አለ፤ ቀረጥ። ለኢንቨስትመንት ተብለው ከቀረጥ ነፃ የገቡ ብዙ የጭነት መኪኖች፣ ፒክአፖችና ማሽኖች በባንክ መያዣነት ይገኛሉ። ብድሩ ሲበላሽ ለሐራጅ ይቀርባሉ፤ የቀረጥ ነፃ መብት የሌለው ገዢ ካሸነፈ ስም ከማዛወሩ በፊት ቀረጡን ራሱ ይከፍላል። ይህ በማስታወቂያው ግርጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ መጠኑ ግን አይጻፍም። ሊብሬው ላይ «ከቀረጥ ነፃ» የሚል ማስታወሻ ካለ ከጨረታው በፊት ጉምሩክ ቀርቦ ማስላት ግድ ነው። ትራፊክ ቅጣት፣ የፍርድ ቤት እግድና ያልተከፈለ ግብር መኖሩን ደግሞ መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ፋይል ይናገራል።

ከጨረታው በፊት የሚያዘው ሲፒኦ በባንክ ሐራጅ ላይ ብዙ ጊዜ የመነሻው ሩብ ነው፤ በምሳሌያችን 600,000 ብር። የተሸነፈው ይመለስለታል። ያሸነፈው ቀሪውን እንዲከፍል በተለምዶ 15 ቀን ይሰጠዋል። ሳይከፍል ቀኑ ካለፈ ግን ገንዘቡ አይመለስም። «አሸንፌ ካየሁት በኋላ ካልወደድኩት እተወዋለሁ» የሚል ሰው ስለዚህ በ600,000 ብር አንድ ጉብኝት ይገዛል። ብድር ጠይቆ ሊከፍል የሚያስብም ባንኩ በ15 ቀን ውስጥ እሺ እንደሚለው አስቀድሞ ካላረጋገጠ እጣው ያው ነው።

ከፍሎ ያሸነፈ ሰው ከባንኩ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ ለትራንስፖርት ቢሮ የሚጻፍ የስም ማዛወሪያና የዕዳ ስረዛ ደብዳቤ፣ የርክክብ ቃለ ጉባዔ። ቸል የሚባለው ሦስተኛው ነው። ከጉብኝቱ ቀን እስከ ርክክቡ ሳምንታት ያልፋሉ፤ መኪናው በዚያው ክፍት ግቢ ይቆያል። መካኒኩ በጉብኝቱ ቀን ያነሣቸው ፎቶዎች ከነቀናቸው ተይዘው፣ ርክክቡ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ ቃለ ጉባዔው ላይ ይሰፍራል፦ ጎማ ስንት፣ ባትሪ ስንት፣ ፖምፓ አለ፣ ዲናሞ አለ። ከፎቶው የጎደለ ካለ ፊርማ ከመቀመጡ በፊት ይጻፋል፤ ከተፈረመ በኋላ የሚሰማ የለም። የሚጎትተውን መኪና የሚጠራውም ይህ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ሾፌር ሰዓት እየቆጠረ ገዢውን ሳያነብ ያስፈርመዋል።